ግልጽ ደብዳቤ፦ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አታስቀምጡ

ለግል ድርጅቶች የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች፣ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላትና ለሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች

ጉዳዩ፦ የወሲባዊ ትንኮሳ ቅሬታ ስለሚጣራበት መንገድ

አንዲት ሠራተኛ «አለቃዬ ተነኮሰኝ» ብላ ስታመለክት በብዙ መሥሪያ ቤት የሚሆነው ይታወቃል። ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ ሁለቱም ይጠራሉ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና እሷ «በይ፣ ያልሽውን ፊቱ ላይ ድገሚው» ትባላለች። ቀጥሎ «ያየ ምስክር አለሽ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ከሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይገባል። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዳዩ በእርቅ ተፈቷል» ወይም «በቂ ማስረጃ ስላልቀረበ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ይጻፍና ፋይሉ ይዘጋል።

እኛ የሥራ ቦታ ቅሬታዎችን የማጣራት ሥራ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ያ አሠራር ለማንም ፍትሕ ስለማይሰጥ ነው። ቅሬታ አቅራቢዋ ኃላፊዋ ፊት ተቀምጣ የምትናገረው ከምታውቀው እጅግ ያነሰ ነው። ቅሬታ የቀረበበት ሰው ደግሞ የተባለበትን ነገር ገና እዚያው እየሰማ መልስ እንዲሰጥ ይገደዳል። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቃል ስለሰማ ከዚያ በኋላ የሚሰጡት ዝርዝር ሁሉ ዋጋው ይቀንሳል። ማጋፈጥ እውነት ያወጣል የሚለው እምነት የቆየ ነው፤ በተግባር የሚያወጣው ግን ማን የበለጠ ደፋር እንደሆነ ብቻ ነው።

ሕጉን በአጭሩ እናስታውስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን ትርጉም ሰጥቶ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም የተከለከለ ድርጊት ያደርገዋል። ወደ ተግባር ሲመጣ በጣም የሚያጣድፈው ግን አንቀጽ 27 ነው። አሠሪው ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ፣ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይቀራል። «ያወቀበት ቀን» የቱ ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ቅሬታው የደረሰበት ቀን ነው የሚል ይኖራል፣ ማጣራቱ ያለቀበት ነው የሚልም አይጠፋም። በክርክሩ ላይ ተስፋ አትጣሉ። ቅሬታው ከደረሰበት ቀን ቁጠሩና ሥራችሁን በዚያ ልክ አቅዱ። ብዙ ማጣራት የሚበላሸው ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሙሉ «አባላት አልተሟሉም» እያለ ሲሰበሰብና ሲበተን ቆይቶ በመጨረሻው ሳምንት ስለሚጣደፍ ነው።

አሁን በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ታሪኩን ያዘጋጀነው ለማስረዳት ነው፤ ውስጡ ያሉት ችግሮች ግን በየፋይሉ የሚገኙ ናቸው።

ቦታው የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት መጋዘን ነው፤ መደበኛ የሥራ ቀኑ በሳምንት 6 ነው። አንዲት የክምችት ሠራተኛ ሰኞ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ሰው ሀብት አስተዳደር ሄዳ ስለ መጋዘን ኃላፊው በቃል አመለከተች። ሦስት ነገር ተናግራለች። አንደኛ፣ ማክሰኞ ኅዳር 3 ሌሊት በቴሌግራም ጸያፍ መልእክት ላከልኝ። ሁለተኛ፣ ማክሰኞ ኅዳር 10 ቀን 10 ሰዓት ገደማ መጋዘን ሁለት ውስጥ ተከትሎኝ ገብቶ በሩን ዘጋና እጄን ይዞ ጎተተኝ። ሦስተኛ፣ እንቢ ስላልኩት የእሑድ ፈረቃ መደበኝ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ይሠራል፤ «በጽሑፍ አምጪው» ተብላ ትመለሳለች። አትመልሷት። የተቀበለው ሰው ራሱ በሷ ቃላት ይጻፈው፣ ያንብብላት፣ ታርመው፣ ትፈርም። የደረሰበት ቀንና ሰዓት ይመዝገብ፤ ለሷም ቅጂ ይሰጣት። ቅሬታውን በሦስት ነጥብ መክፈሉም ከዚያው ቀን ይጀመር። «ትንኮሳ ደረሰብኝ» የሚል ጥቅል አቤቱታ ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። መቼ፣ የት፣ ምን ተባለ ወይም ምን ተደረገ ተብሎ የተለየ ነጥብ ግን ይችላል።

ቀጥሎ፣ ኃላፊው ስለ ቅሬታው ከመስማቱ በፊት፣ ሊጠፋ የሚችለው ማስረጃ ይያዝ። እዚህ ላይ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰዎች መካከል ያለን መልእክት አንዱ ወገን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ሰውየው ማክሰኞ ጠዋት ቅሬታውን ቢሰማ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሷ ስልክ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት፣ እሷ ፈቅዳ፣ ስልኳን ራሷ ይዛ እያገላበጠች አጣሪው ያያል፤ ሌላው አጣሪ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች በቪዲዮ ይቀርጻል። አንድ የተቆረጠ ስክሪንሾት ብቻውን ደካማ ነው፤ ከላይ የሚታየው ስም የስልኩ ባለቤት በፈለገችው ስም ያስቀመጠችው ሊሆን ይችላል። ስሙን ነክታ የላኪውን ፕሮፋይል፣ የተጠቃሚ ስሙንና ከታየ ስልክ ቁጥሩን ታሳይ። በኮምፒውተር በሚከፈተው ቴሌግራም `Export chat history` የሚለው ትእዛዝ ሙሉ የመልእክት ልውውጡን ያወጣል። ቅርጹን `JSON` ካደረጋችሁት በእያንዳንዱ መልእክት ላይ `from_id` የሚል ቁጥር ይኖራል፤ ያ ቁጥር ላኪው ስሙን ቢቀይር አይቀየርም። የሷንም መልሶች ጨምራችሁ ያዙ። ከፊትና ከኋላ ያለው ንግግር ትርጉሙን ሊለውጠው ስለሚችል፣ እሷን የማይጠቅም ቢሆን እንኳ መቅረት የለበትም።

የኃላፊውን የግል ስልክ ግን በግድ አትቀበሉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንም ሰው የመልእክት ልውውጥ የተጠበቀ ነው። ጠይቁት፤ ካሳየ መልካም፣ ካልፈቀደም «ተጠይቆ አልፈቀደም» ብላችሁ ጻፉ። እምቢታው ብቻውን ጥፋተኛ አያደርገውም።

ካሜራው ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። የካሜራ መቅጃው ማኅደሩ ሲሞላ ከአሮጌው ጀምሮ ይደመስሳል። በምሳሌያችን 15 ቀን ይይዛል፤ የኅዳር 10 ምስል ከኅዳር 25 በኋላ አይገኝም። መጋዘን ሁለት ውስጥ ካሜራ የለም፤ ኮሪደሩ ላይ ግን አለ። የሚወሰደው የተባለው ደቂቃ ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ሰዓት ጭምር ነው። ከስክሪኑ ላይ በስልክ መቅረጽ አይበቃም፤ ዋናው ፋይል በሁለት ፍላሽ ይገለበጥ፣ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንዳስረከበ ይፈረም። ፋይሉ በኋላ አለመነካቱን ለማሳየት ደግሞ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ይህን አንድ መስመር አስገብታችሁ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር በርክክቡ ቅጽ ላይ መጻፍ ይበቃል፦

```
certutil -hashfile corridor.mp4 SHA256
```

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ፋይል ይሰናከላል። የእኛ ሰው ሰዓትና ቀን የሚቆጥረው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስልኩና ካሜራው ግን በፈረንጆቹ። ሠራተኛዋ «ማክሰኞ ሌሊት» አለች። ስልኳ ላይ ያለው መልእክት የተመዘገበው ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13፣ 12:40 ኤኤም ተብሎ ነው። ያልተጠነቀቀ ኮሚቴ «ቀኑን እንኳ አታውቀውም» ብሎ ይጽፍባታል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ስልኩ ቀኑን እኩለ ሌሊት ላይ ይቀይራል፤ ለእሷ ግን ሌሊቱ ገና የማክሰኞ ነው፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 6:40። ሁለቱ አንድ ቅጽበት ናቸው። የጊዜ ቅደም ተከተል ሰንጠረዥ ስትሠሩ ለእያንዳንዱ ክስተት በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ምስክሩም የተናገረውን ሰዓት እንደተናገረው አስቀምጡና የእናንተን ስሌት ለብቻው አኑሩት።

የካሜራው ደግሞ ይብሳል። የኮሪደሩ ምስል ላይ ሠራተኛዋ ወደ መጋዘን ሁለት ስትገባ የሚታየው ሰዓት 16:20 ነው፤ ኃላፊው ተከትሏት የሚገባው 16:21። በእኛ 10:21 ማለት ነው። የበር መዝገቡን ብታዩ ግን ኃላፊው በ10:20 የጭነት መኪና ተቀብሎ ፈርሟል፤ በሩ ከመጋዘኑ ራቅ ይላል። ይህ ብቻ ከታየ ሰውየው ነጻ ነው፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። አጣሪዎቹ ግን ሰዓቱን በኔትወርክ የሚያስተካክል ስልክ ከመቅጃው ስክሪን አጠገብ አቁመው በአንድ ፎቶ ሁለቱን አነሱ፤ መቅጃው 17 ደቂቃ ይቀድማል። «በዚያ ቀንስ?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበትና፣ ያው የጭነት መኪና በበሩ ካሜራ ላይ መቼ እንደገባ ፈለጉ፤ 16:37 ይላል። ከመዝገቡ 10:20 ጋር ልዩነቱ ያው 17 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ኃላፊው መጋዘን ሁለት የገባው 10:04 ላይ ነው፤ መኪናውንም ከ16 ደቂቃ በኋላ ተቀብሏል። ሁለቱም መዝገብ እውነቱን ተናግሯል። የካሜራ ሰዓት ሳይለካ በምስል ላይ ተመሥርቶ ሰው ማሰናበትም ሆነ ነጻ ማለት አደገኛ ነው።

ቃል አቀባበሉን በሁለት ሰው አድርጉት፤ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው ይጻፍ። ከሁለቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሁለቱም ከሚጣራበት ክፍል ውጭ የሆኑ፣ ለኃላፊው የማይታዘዙና ዝምድና የሌላቸው መሆን አለባቸው። አምስትና ሰባት ሰው የተቀመጠበት ኮሚቴ ፊት ማንም ስለ ገላው የሚናገረው ቃል አጥቶ ይቸገራል። ቦታውም ሠራተኛው ሁሉ በመስታወት የሚያየው የስብሰባ አዳራሽ አይሁን።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ የሆነውን ንገሪን» የሚል ይሁንና አታቋርጧት። ጨርሳ ስትናገር ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ፤ የት ቆመሽ ነበር፣ በሩ በየት በኩል ይከፈታል፣ በየትኛው እጁ ያዘሽ፣ ምን አለ፣ ምን ብለሽ መለስሽ፣ ከዚያ ወዴት ሄድሽ፣ መጀመሪያ ለማን ነገርሽ። «ለምን ዝም አልሽ? ለምን አልጮህሽም?» ከሚለው ይልቅ «ከዚያ በኋላ ምን አደረግሽ?» በሉ። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው መረጃ ያመጣል። ስለ አለባበሷና ስለ ትዳሯ የሚጠየቅ ነገር የለም። በምሳሌያችን «መጀመሪያ ለማን ነገርሽ?» የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነገር አወጣ፤ ለእህቷ ወዲያው ደውላ ነበር፣ የስልኳ የጥሪ ዝርዝርም 16:11 ያሳያል፤ በእኛ 10:11፣ ከመጋዘኑ ከወጣች በኋላ ማለት ነው። እህትየዋ ድርጊቱን አላየችም፤ ግን ሠራተኛዋ በዚያች ደቂቃ፣ ገና የፈረቃው ድልድል ሳይለጠፍ፣ ምን እንዳለች ትመሰክራለች። ይህ «ሰምቼ ነው» ተብሎ የሚጣል ቃል አይደለም።

ቃሏን በቢሮ አማርኛ አታስተካክሉት። «ያልተገባ ንግግር ተናገረኝ» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ማስረጃውን ራሱ ያጠፋል። ሰውየው ያለው ቃል የሚያሳፍርም ቢሆን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ። የተናገረው በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ከሆነ በዚያው ቋንቋ ተጽፎ ትርጉሙ አጠገቡ ይቀመጥ፤ አስተርጓሚውም የሥራ ባልደረባዋ አይሁን። ጽሑፉ በዚያው ቀን ተገልብጦ ታንብበው፣ እያንዳንዱን ገጽ ትፈርም፤ እርማት ካላት ሰርዛ ከጎኑ ትጻፍ እንጂ አዲስ ገጽ አይተካ።

ከዚያ ተራው የኃላፊው ነው፤ እዚህም ጥድፊያ አይገባም። የቀረቡበት ሦስት ነጥቦች በጽሑፍ፣ ቀንና ቦታ ተጠቅሶ ይሰጡት፤ ለመዘጋጀት 3 የሥራ ቀን ያግኝ፤ ከፈለገ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ወይም የሚያምነው ሰው አብሮት ይቀመጥ። ደብዳቤው «ቅሬታ ቀርቧል» ይበል እንጂ «ፈጽመሃል» አይበል። ማን እንዳመለከተች መደበቅ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አይቻልም፤ ካላወቀ መልስ ሊሰጥ አይችልም። የሷን የተፈረመ ቃል፣ ስልኳንና አድራሻዋን ግን አትስጡት።

ስትጠይቁት ማስረጃውን ከማሳየታችሁ በፊት ትረካውን ተቀበሉ። በምሳሌያችን ኃላፊው መጀመሪያ «በዚያ ቀን መጋዘን ሁለት አልገባሁም» አለ፤ ቃሉ ተጻፈ። ከዚያ የኮሪደሩ ምስል ታየው። «አሁን አስታወስኩ፣ የርክክብ ቅጽ ልወስድ ገብቼ ነበር» አለ። ይህም ተጻፈ። ምስሉ መጀመሪያ ቢታየው ኖሮ ሁለተኛው መልስ ብቻ ይገኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ከሳምንት በፊት የትኛው ክፍል እንደገባ በቅንነት ሊዘነጋም ይችላል። ስለዚህ የመልስ መለወጥ ከሌላው ጋር የሚመዘን እንጂ ለብቻው የሚፈርድ አይደለም። «ቅጹ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ቀጥሉ፤ ሄዳችሁም እዩ። ቅጾቹ የሚቀመጡት መጋዘን ሁለት ሳይሆን ቢሮው ውስጥ ሆኖ ከተገኘ ይህንኑ መልሳችሁ ንገሩትና መልስ ይስጥበት። በሪፖርቱ ውስጥ በሱ ላይ የሚጠቀስ አንድም ነገር እሱ መልስ ሳይሰጥበት አይቅር። የጠራቸውን ምስክሮችም ስሙ፤ «አይጠቅሙም» ብሎ መተው ፍርድ ቤት የመጀመሪያ የሚያየው ጉድለት ነው።

ስለ ፊት ገጽታ አንድ ነገር እንበል። «ስትናገር ዓይኗን ሰብራ ነበር፣ ስለዚህ ትዋሻለች» የሚል ዓረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤ ውስጥ ማየት ያሳዝነናል። በኛ አገር አንዲት ወጣት በዕድሜ ከሚበልጧት ፊት ዓይኗን መስበሯ የአስተዳደጓ ምልክት ነው። ኃላፊው ረጋ ብሎ መናገሩም ስብሰባ መምራት መልመዱን እንጂ እውነተኛነቱን አያሳይም። መመዘን ያለበት የሚጨበጠው ነው፤ ቃሉ ከሰዓቱ፣ ከምስሉ፣ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል ወይ? በሁለት ጊዜ የተነገረው በዋናው ነገር አንድ ነው ወይ? የተለየ ቂም አለ ወይ?

ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ፣ ወሬው የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከክፉ ሰው ሳይሆን ከወረቀት ነው። መዝገብ ቤት በወጪ ደብዳቤ መዝገብ ላይ «ጉዳዩ፦ ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ» ብሎ ከስም ጋር ይጽፋል፤ መዝገቡን ሁሉም ያገላብጠዋል። ከዚያ የደብዳቤው ግርጌ አለ፦ ግልባጭ፦ ለምክትል ሥራ አስኪያጅ፣ ለፋይናንስ፣ ለሕግ ክፍል፣ ለግል ማኅደሯ። አራት ግልባጭ ማለት ቢያንስ ስምንት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ለጉዳዩ የኮድ ቁጥር ስጡ፤ «ጉዳዩ፦ ማጣራት ቁ. 04» ይበል፤ ግልባጭ አይኑረው፤ በታሸገ ፖስታ በእጅ ተሰጥቶ ይፈረም። ሰነዱ የጋራ ማተሚያ ላይ አይታተም። ማን ምን እንዳየ የሚያሳይ አንድ ገጽ ዝርዝር ከፋይሉ ፊት ይለጠፍ። ምስክር ስትጠሩ «ስለ አንድ የሥራ ጉዳይ» በሉ፤ አስፈላጊውን ነጥብ ብቻ ጠይቁ፣ ሙሉ ታሪኩን አትንገሩ።

ፍጹም ምስጢር እንጠብቃለን ብላችሁ ግን ቃል አትግቡ፤ ፍርድ ቤት ፋይሉን ሊጠይቅ ይችላል፣ ኃላፊውም የቀረበበትን ማወቅ አለበት። «ማወቅ ከሚገባው ሰው ውጭ አይሰማም» ማለት ይበቃል፣ እውነትም ነው። አጣሪዎችንና ምስክሮችን ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ቅሬታ አቅራቢዋ ወደ ፖሊስ፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ጠበቃ ወይም ወደ ሥራ ተቆጣጣሪ እንዳትሄድ ማስፈረም ግን አይቻልም። እጅ ይዞ መጎተት ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ካለ የወንጀል መንገዱ ለብቻው ክፍት ነው።

ሽማግሌውንም እዚሁ እናንሳ። እርቅ በባህላችን ክቡር ነገር ነው፤ ግን ሽምግልናው ማጣራቱ ሳያልቅ ሲገባ የሚያግባባው እሷን ብቻ ነው። «ቤቱ ይፈርሳል፣ ልጆች አሉት» ተብላ ቅሬታዋን ብታነሳ፣ ማን እንዳነጋገራትና ለምን እንዳነሳች ተጽፎ ይያዝ። ቅሬታው መነሳቱ የአሠሪውን ግዴታ አያነሳም፤ ማስረጃው እጃችሁ ላይ ካለ ማጣራቱን ጨርሱት።

ማጣራቱ እስኪያልቅ ሁለቱ መለየት ካለባቸው የሚዛወረው ኃላፊው ይሁን፤ ወይም የእሷ ሪፖርት ተቀባይ ይቀየር። እሷን «ለደኅንነትሽ» ብሎ ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ መላክ ቅጣት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይረዳዋል። እሱን ከሥራ ማገድ ካስፈለገ ኅብረት ስምምነታችሁና ሕጉ የሚፈቅዱትን አስቀድማችሁ እዩ፤ ደመወዙ እየተከፈለው መቆየቱ ደግሞ እገዳው ቅጣት እንዳይመስል ያደርጋል።

አሁን ሪፖርቱ። ከ8 እስከ 12 ገጽ ይበቃዋል። ቅሬታው ምን ነበር፣ ማን አጣራ፣ ማን ተጠየቀ፣ ምን ሰነድ ታየ፣ የጊዜ ሰንጠረዡ፣ ከዚያም ነጥብ በነጥብ ግኝቱና ምክንያቱ። የማስረጃ መለኪያው ከመጀመሪያው ተጽፎ ይታይ፤ የውስጥ ማጣራት የወንጀል ችሎት አይደለም፣ «ከመሆኑና ካለመሆኑ የትኛው ያመዝናል?» ነው የሚጠየቀው። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከሦስት መልስ አንዱ ይሰጥ፦ ተረጋግጧል፣ አልተረጋገጠም፣ ወይም እንዳልሆነ ተረጋግጧል። «አልተረጋገጠም» ማለት ሚዛኑ አላጋደለም ማለት ብቻ ነው፤ ሴትየዋ ዋሽታለች ማለት አይደለም፣ «በሐሰት ከሰሰች» ብሎ በዚህ ላይ ተመሥርቶ መቅጣትም አይቻልም።

በምሳሌያችን አንደኛው ነጥብ ተረጋገጠ፤ መልእክቱ ከኃላፊው መለያ መላኩ ታይቷል፣ እሱም መለያው የራሱ መሆኑን አምኗል። ሁለተኛው ነጥብ በሪፖርቱ ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ኮሪደሩ ካሜራ ቅሬታ አቅራቢዋ 10:03፣ ኃላፊው 10:04 ሲገቡና በሩ ሲዘጋ፣ እሷ 10:07 የቆጠራ ወረቀቷን ሳትይዝ ስትወጣ ያሳያል (ሰዓቱ የተስተካከለ ነው፤ ስሌቱ በአባሪ 3)። በ10:11 ለእህቷ ደውላ የነገረቻት አሁን ከሰጠችው ቃል ጋር በዋናው ይገጥማል። ኃላፊው መጀመሪያ አልገባሁም፣ በኋላ ቅጽ ልወስድ ገባሁ ብሏል፤ ቅጹ እዚያ ክፍል እንደማይቀመጥ ተነግሮት ሌላ ምክንያት አላቀረበም። ከዚህ ሁሉ፣ በሩ መዘጋቱና እጇ መያዙ ካለመሆኑ ይልቅ መሆኑ ያመዝናል፤ ነጥቡ ተረጋግጧል።»

ሦስተኛው ግን ሌላ መልክ ነበረው። የእሑድ ፈረቃው ድልድል በኅዳር 1 ቀን በኢሜይል ለቅርንጫፉ ተልኳል፤ ስሟም በዚያው ቦታ ላይ አለ። እሷ ያወቀችው ድልድሉ ኅዳር 13 ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ስለዚህ ከእንቢታዋ የመጣ ቅጣት መስሎ ቢታያት አይፈረድባትም። ይሁንና ድልድሉ ከመጀመሪያው መልእክት በሁለት ቀን ይቀድማል። ይህ ነጥብ እንዳልሆነ ተረጋግጧል። ሁለት ነጥብ ስለተረጋገጠ ሦስተኛውን ጨምሮ መግፋት የሚፈልግ ኮሚቴ ይኖራል፤ ያ አንድ ያልሆነ ነጥብ ፍርድ ቤት ሲደርስ የቀሩትን ሁለቱን ይዟቸው ይወድቃል።

ሪፖርቱ እዚህ ላይ ይቁም። ቅጣቱን አጣሪዎቹ አይወስኑ፤ ውሳኔ የሚሰጠው ሌላ ሰው ሪፖርቱን አንብቦ፣ የኃላፊውን የመጨረሻ አስተያየት ተቀብሎ ይወስን። ጊዜውን በዚህ ልክ አስሉት፤ በምሳሌያችን ቅሬታው ኅዳር 16 ደርሶ በሳምንት 6 ቀን ሲቆጠር 30ኛው የሥራ ቀን፣ በመካከሉ ሥራ የማይሠራበት በዓል ከሌለ፣ ታኅሣሥ 21 ነው። ማስረጃ መያዝና የሷን ቃል መቀበል በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት፣ የኃላፊውና የምስክሮቹ ቃል እስከ 14ኛው፣ ድጋሚ ጥያቄ እስከ 18ኛው፣ ሪፖርት እስከ 23ኛው ቢያልቅ ለወሳኙ አንድ ሳምንት ይተርፈዋል። ስንብት ከሆነ ምክንያቱና ቀኑ ተገልጾ በጽሑፍ ይሰጥ፤ ለሷም የትኛው ነጥብ ተረጋግጦ የትኛው እንዳልተረጋገጠ፣ ርምጃ መወሰዱን ጨምሮ፣ በአጭር ደብዳቤ ይነገራት። ዝምታ መልስ አይደለም።

ፋይሉ ከተዘጋ በኋላም በ30ኛው፣ በ60ኛውና በ90ኛው ቀን የሷንና የምስክሮቹን የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የፈረቃ ድልድልና የሥራ አፈጻጸም ነጥብ ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። የበቀል ርምጃ የሚታየው በንግግር ሳይሆን በእነዚህ ሦስት ወረቀቶች ላይ ነው።

ይህን የምንጠይቃችሁ በሚቀጥለው ቅሬታ እንድትጀምሩ ነው። ለአሁኑ ኮሚቴያችሁ ካለ ከሳምንቱ መጨረሻ በፊት የካሜራ መቅጃችሁ ስንት ቀን እንደሚይዝና ሰዓቱ ስንት ደቂቃ እንደሚሳሳት ለኩና በወረቀት አስቀምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የሥራ ቦታ ቅሬታ አጣሪ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ